የትምህርት ፈቃድ ውል ሲነበብ፦ ስንት ዓመት፣ ለማን፣ በስንት ብር?

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ጽሑፍ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አጭር ሰነድ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ገጽ አያልፍም። አንድ መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመሄዱ በፊት ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚፈራረመው የትምህርት ፈቃድ ውል ነው። ይህ ሰነድ የሚፈረመው ቪዛ በሚጠበቅበት፣ ትኬት በሚቆረጥበትና ቤተ ዘመድ ለመሸኘት በሚሰበሰብበት ሳምንት ስለሆነ በጥሞና የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። በጥሞና የሚነበበው ከስምንት ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ፈራሚው የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ባስገባ ማግሥት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አንባቢው የዩኒቨርሲቲው የሕግ አገልግሎት ክፍል ይሆናል።

ከመካከላችሁ ለመፈረም የተዘጋጃችሁ፣ ፈርማችሁ የተመለሳችሁና ለጓደኛ ዋስ የሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ውል ሕግ በጠቅላላው ከማውራት ይልቅ ከዚህ ሰነድ ውስጥ ሦስት ነገሮችን፣ ማለትም የአገልግሎት ግዴታውን ዘመን፣ የመመለስን ግዴታና የገንዘብ መመለሻውን ሁኔታ እንዴት ነቅሶ ማውጣት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው ከልዩ ልዩ ውሎች ጠባይ በመነሣት እኔው ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁት እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ወይም ተቋም ጉዳይ አይደለም።

አንዲት መምህርት አለች እንበል። ውሏ እንዲህ ይላል። አንቀጽ 3፦ «የትምህርት ፈቃዱ ከመስከረም 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለ4 ዓመት የጸና ይሆናል።» አንቀጽ 5፦ «ተማሪው ትምህርቱን እንዳጠናቀቀ በ30 ቀናት ውስጥ ወደ መደበኛ ሥራው ይመለሳል።» አንቀጽ 6፦ «ተማሪው በትምህርት ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2 ዓመት ዩኒቨርሲቲውን የማገልገል ግዴታ አለበት።» አንቀጽ 9፦ «ተማሪው ግዴታውን ሳይፈጽም የቀረ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲው ለትምህርቱ ያወጣውን ማናቸውንም ወጪ ይመልሳል።» በመጨረሻም አንድ የዋስ ቅጽ ተያይዟል።

አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሲነበብም ግልጽ ይመስላል። መምህርቷ ግን ትምህርቷ በአራት ዓመት አላለቀም። ዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ አንድ ዓመት አራዘመላት፤ ፈቃዷም ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ዓ.ም. አበቃ። የመመረቂያ ጽሑፏን በሰኔ 2010 ተከላከለች፤ የታረመውን ጽሑፍ በነሐሴ አስረከበች፤ ዲግሪው በይፋ የተሰጣት ግን በታኅሣሥ 2011 ነው። ወደ ሀገሯ ተመልሳ ለሥራ ሪፖርት ያደረገችው ኅዳር 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ አስተምራ በጥቅምት 2017 መጨረሻ ሥራዋን ለቀቀች። ዩኒቨርሲቲው ስንት ብር ሊጠይቃት ይችላል?

መልሱን ለጊዜው እናቆየው። በመጀመሪያ አንድ ባዶ ወረቀት እንውሰድ። ከውሉ የምናወጣውን ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ከእያንዳንዱም ጎን የአንቀጹን ቁጥርና ቃሉን እንዳለ እንገለብጣለን። በራሳችን አነጋገር ማሳጠር አይገባም። «እጥፍ ማገልገል» ብላችሁ ከጻፋችሁ የምን እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቃል ጠፍቷል፤ ክርክሩ የሚነሣው ግን ከዚያው ቃል ነው።

ሌላው ቅድመ ሥራ ሰነዶቹን መሰብሰብ ነው። ውሉ ብቻውን አይቆምም። የፈቃድ ደብዳቤው፣ የማራዘሚያ ደብዳቤው፣ የዋስትና ቅጹ፣ እንዲሁም ውሉ «በዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ መሠረት» ብሎ የሚጠቅሰው የሴኔት ሕግ ሁሉም የውሉ አካል ሊሆኑ ይችላሉ። ውሉ ደንብ ከጠቀሰ ያን ደንብ በፈረማችሁበት ዕለት በነበረው ይዘቱ ቅጂውን ያዙ። የሴኔት ሕግ ይሻሻላል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በእጃችሁ የሚገባው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዘመኑ እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ግዴታው ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ዘመኑ የሚገኘው አንድ ቁጥር በሌላ ቁጥር ተባዝቶ ነው፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ግን ማባዣው ብቻ ነው። በምሳሌያችን ማባዣው 2 መሆኑ አያከራክርም። የሚባዛው ምንድን ነው? ውሉ «ለተፈቀደለት ዓመት» አይልም፤ «በትምህርት ላይ ለቆየበት» ይላል። ስለዚህ አንቀጽ 3ን ብቻ አይቶ 4 በ2 ሲባዛ 8 ነው የሚል ሰው ማራዘሚያውን ዘንግቷል፤ ማራዘሚያው ሲታከል አምስት በሁለት ዐሥር ዓመት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «መስከረምና ጥቅምት 2011ንም ውጭ ሀገር ነበርሽ፤ በትምህርት ላይ የቆየሽው አምስት ዓመት ከሁለት ወር ነው» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ከአራት ወር ይሆናል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት የተለያየ ዘመን ወጣ።

የትኛው ያሸንፋል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ነገር ይነግረናል። በአንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ የተዋዋዮቹን ሐሳብ እተረጉማለሁ ብሎ ከቃሉ መራቅ አይችልም። ቃሉ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ደግሞ በአንቀጽ 1738 አንደኛው ወገን ባዘጋጀው የተለመደ የውል ቅጽ ውስጥ የገባ ሐረግ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። የትምህርት ፈቃድ ውልን የሚያዘጋጀው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ መምህሩ ስሙን ይሞላና ይፈርማል። በእኔ አመለካከት «በትምህርት ላይ ለቆየበት» የሚለው ቃል አምስቱን ዓመት ያለጥርጥር ይሸፍናል፤ ሁለቱ ወሮች ግን አጠራጣሪ ናቸው፤ ፈቃዱ አብቅቷል፣ ደመወዝም አልተከፈለም፣ ጽሑፉም ተረክቧል። ስለዚህ ዐሥር ዓመት ብዬ እጽፋለሁ፤ ከጎኑም «ክርክር ሊነሣ ይችላል፣ ሁለት ወር» የሚል ማስታወሻ እተዋለሁ።

ከብዛቱ ቀጥሎ የሚታየው መነሻው ነው፤ ዘመኑ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ውሉ ዝም ካለ ጤናማው ንባብ ሥራ ከተጀመረበት ዕለት ነው፤ አገልግሎት ያለ ሥራ አይቆጠርምና። አንዳንድ ውል ግን «የትምህርት ማስረጃውን ካቀረበበት ቀን ጀምሮ» ይላል። ይህች ሐረግ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ዋናው ዲግሪ ከውጭ ሀገር ሳይላክ አንድ ዓመት የቆየበት መምህር ያስተማረበት ዓመት ከግዴታው ላይቀነስለት ይችላል። እንዲህ ያለ ሐረግ ካለ ጊዜያዊ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ በቂ መሆኑን በጽሑፍ ማስፈቀድ ነው።

ስለ ቀን ከተነሣ የእኛ ሀገር ልዩ ጣጣ የሆነውን የዘመን አቆጣጠር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ውሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የቅበላ ደብዳቤው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የማራዘሚያ ደብዳቤው ደግሞ «እስከ 2018 ተራዝሟል» ብሎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጨምር ይቀራል። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በሁለት ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። በወረቀታችሁ ላይ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

የመመለስ ግዴታ ከአገልግሎት ግዴታ ተለይቶ መነበብ አለበት፤ ብዙዎች ግን አንድ አድርገው ያዩታል። ሰው ዐሥር ዓመት ሊያገለግል ቆርጦ ተነሥቶ በመመለሻው ቀን ላይ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። በምሳሌያችን አንቀጽ 5 «ትምህርቱን እንዳጠናቀቀ በ30 ቀናት» ይላል። ትምህርት የሚጠናቀቀው መቼ ነው? በሰኔው መከላከያ ከሆነ ሠላሳው ቀን በሐምሌ አልፏል። ፈቃዱ ባበቃበት ዕለት ከሆነ መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ላይ ያበቃል፤ መምህርቷም አንድ ወር ዘግይታለች። ዲግሪው በተሰጠበት ዕለት ከሆነ ግን ቀድማ መጥታለች። ዩኒቨርሲቲው በቅን ልቡና ሲቀበላት ይህ ሁሉ ተረስቶ ይቀራል። ግንኙነቱ ሲበላሽ ግን ያች አንዲት ወር «ያለ ፈቃድ መቅረት» ተብላ ከፋይል ትወጣለች።

ስለዚህ ከመመለስ ግዴታ ጋር ሁለት ወረቀት አብሮ ይሄዳል። አንደኛው፣ ትምህርቱ ከፈቃዱ በፊትም ሆነ በኋላ ሲያልቅ ለመመለሻ የሚሰጠውን ቀን የሚወስን ደብዳቤ ነው፤ ይህም ፈቃዱ ከማብቃቱ በፊት ይጠየቃል። ሁለተኛው የመመለሻ ሪፖርት ነው። ሪፖርት ማለት ለትምህርት ክፍል ኃላፊው «መጥቻለሁ» ብሎ እጅ መንሣት አይደለም። በመዝገብ ቤት ገቢ የሆነ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት ማመልከቻ፣ በምላሹም የሥራ ማስጀመሪያ ደብዳቤ ነው። የአገልግሎቱ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው በዚህ ደብዳቤ ነውና ቅጂው ከዲግሪያችሁ እኩል ሊጠበቅ ይገባል።

ዲግሪውን ሳይዝ ለሚመለስ ሰው ውሉ ምን ይላል? እዚህ ላይ ብዙ ውሎች ዝም ይላሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ «ትምህርቱን በራሱ ጉድለት ያቋረጠ» እና «ከዐቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ያቋረጠ» ብለው ይለያሉ። ይህ ልዩነት ካለ ከወረቀታችሁ ላይ ለየብቻ ይስፈር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከዐቅም በላይ የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው ያልቻለና ግዴታውን ፈጽሞ ከመፈጸም የሚከለክል ነገር ነው። የአማካሪ መለወጥ ወይም የምርምር ገንዘብ መቀነስ ትምህርቱን ያከብደዋል እንጂ በዚህ ሚዛን ከዐቅም በላይ ይባላል ብዬ አላስብም። እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም መፍትሔው በወቅቱ ማራዘሚያ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። አንቀጽ 9 «ለትምህርቱ ያወጣውን ማናቸውንም ወጪ» ይላል። «ማናቸውም» የሚለው ቃል አስፈሪ ነው፤ ነገር ግን ዝርዝር ወደሌለው ነገር ይመራል። በምሳሌያችን ዩኒቨርሲቲው ሁለት ነገር ከፍሏል እንበል። በአምስቱ ዓመት፣ ማለትም በ60 ወር፣ በአማካይ በወር 8,000 ብር ደመወዝ፤ ይህ 480,000 ብር ነው። እንዲሁም ለውጭው ዩኒቨርሲቲ 6,000 ዶላር የትምህርት ክፍያ፤ በተከፈለባቸው ቀናት ዶላሩ በ20 ብር ተመንዝሮ 120,000 ብር ወጥቷል። ድምሩ 600,000 ብር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ደመወዝ «ለትምህርቱ የወጣ ወጪ» ነው ወይ የሚለው ነው። ብዙ ውሎች «ደመወዝን ጨምሮ» ብለው በግልጽ ይጽፋሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ክርክሩ አብቅቷል። ካልጻፉ ግን መምህሩ «ደመወዜ የሥራ ውሌ ውጤት ነው» ብሎ መከራከር ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲውም «በሥራ ላይ ሳትሆን የተከፈለህ ለትምህርት ነው» ይለዋል። የኋለኛው ክርክር የሚበረታ ይመስለኛል፤ ሆኖም ያልተዘጋ በር ነው። ደመወዝ ተካቷል ከተባለም ጠቅላላው ነው ወይስ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ እጅ የገባው? «የወሰደውን» የሚል ውልና «ዩኒቨርሲቲው ያወጣውን» የሚል ውል እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የዶላሩ ነው፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከሁሉ የከበደውም ይኸው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያን ወቅት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ለተፈረሙ ውሎች ይህ ምን ማለት ነው? ውሉ «ወጪውን ይመልሳል» ካለና ዩኒቨርሲቲው ያወጣው ብር ከሆነ የሚመለሰው በጊዜው የወጣው 120,000 ብር ነው ብዬ አምናለሁ። ውሉ ግን «በውጭ ምንዛሪ የተከፈለውን በሚመለስበት ቀን ተመን» የሚል ከሆነ ያው 6,000 ዶላር በ120 ብር ሲሰላ 720,000 ብር ይሆናል። በአንዲት ሐረግ ድምሩ ከ600,000 ወደ 1,200,000 ብር እጥፍ ሆነ። ይህች ሐረግ ብዙ ጊዜ በዋናው አንቀጽ ውስጥ ሳትሆን ከፊርማው በላይ ባለው «ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች» ውስጥ ተደብቃ ትገኛለች። ሁለት ጊዜ ፈልጓት።

ሦስተኛው ጥያቄ የተመጣጣኝነት ነው። መምህርቷ ከዐሥሩ ዓመት ስድስቱን አገልግላለች። ውሉ «በከፊል ያገለገለ እንደሆነ ከቀሪው ጊዜ ጋር በተመጣጠነ መጠን ይከፍላል» ቢል ኖሮ ዕዳዋ የ600,000 ብር አራት ዐሥረኛ፣ ማለትም 240,000 ብር ይሆን ነበር። ግዴታው ስምንት ዓመት ነው ብለው ለተሟገቱላት ደግሞ ሩቡ፣ 150,000 ብር ብቻ ነው። ዐሥር ዓመት ከአራት ወር ነው በሚለው የዩኒቨርሲቲው ንባብ ከ124 ወር 52ቱ ይቀራል፤ 251,600 ብር አካባቢ ይደርሳል። እንደምታዩት ያ ሁለት ወር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ ጠብ የሚገባው ለማራዘሚያው ዓመትና ለምንዛሪው ነው።

የእኛ ምሳሌ ውል ግን የተመጣጣኝነት ሐረግ የለውም። አንቀጽ 9 በቀጥታ ከተነበበ ስድስት ዓመት ያገለገለችውና አንድ ቀን ያላገለገለው እኩል 600,000 ብር ይከፍላሉ። ይህ ፍትሐዊ እንዳልሆነ ማንም ያያል፤ ፍትሐዊ አለመሆኑ ግን ብቻውን ክርክር አይሆንም። ክርክሩ የሚገኘው በአንቀጽ 1889 እና ተከታዮቹ ነው። ተዋዋዮች ውሉ ባይፈጸም የሚከፈለውን መቀጫ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ፤ ዳኛም መቀጫውን ሊቀንስ የሚችለው፣ በአንቀጽ 1893 መሠረት፣ ውሉ በከፊል ተፈጽሞ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የመምህርቷ ጠበቃ አንቀጽ 9ን «መቀጫ ነው» ብሎ ይሰይመዋል፤ የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ «መቀጫ ሳይሆን የወጣ ገንዘብ ማስመለስ ነው» ይላል። ገንዘቡ ከወጪው ጋር እኩል መሆኑ ለዩኒቨርሲቲው፣ የሚከፈለው ውሉ ሲፈርስ ብቻ መሆኑ ለመምህርቷ ይረዳል። ውጤቱን ቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ለዚህ ነው ሐረጉ ከመፈረሙ በፊት መፈለግ ያለበት።

አንዳንድ ውል ከዚህ አልፎ «የወጪውን እጥፍ» ይላል። እንዲህ ያለው በግልጽ መቀጫ ነው። ከወጪው በላይ ያለውን ጉዳት ዩኒቨርሲቲው ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ በአንቀጽ 1892 መቀጫ ጉዳት ባይደርስም ይጠየቃል። የከፊል አፈጻጸም መከራከሪያ ግን እዚህ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ወለድም አይረሳ፤ ውሉ ሌላ ካላለ ሕጋዊው በዓመት 9 በመቶ ነው።

እንግዲህ ያቆየነውን መልስ እንስጥ። አንድ ውል፣ አንዲት መምህርት፣ ስድስት ዓመት አገልግሎት፤ የገንዘቡ መጠን እንደ ሐረጎቹ ከ150,000 እስከ 1,200,000 ብር ይደርሳል። የእኔ ወረቀት «600,000 ብር፤ በከፊል አፈጻጸም ወደ 240,000 ሊቀነስ የሚችል» ይላል።

ከገንዘቡ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ ግን ቀርቷል፤ አገልግሎቱ ለማን ነው? አንቀጽ 6 «ዩኒቨርሲቲውን» ይላል። ወደ ሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ መምህር መንግሥትን እያገለገለ ቢሆንም ይህን ዩኒቨርሲቲ እያገለገለ አይደለም። ጉዳዩ ከሁሉ የሚያደናግረው በትውስት ሲሆን ነው። መምህርቷ ከስድስቱ ዓመት አንዱን በትውስት በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሠርታለች እንበል። መደቧ በዩኒቨርሲቲው ተጠብቆ ቆይቷል፤ ደመወዟን የከፈለው ግን ሚኒስቴሩ ነው። ያ ዓመት ይቆጠራል? የትውስት ደብዳቤው ዝም ካለ ዩኒቨርሲቲው «አምስት ዓመት ነው ያገለገልሽኝ» ሊላት ይችላል፤ ከዐሥሩ አምስት ይቀራል፤ በተመጣጣኝ ስሌት 300,000 ብር ይሆናል። በሌላ አነጋገር በትውስት ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር 60,000 ብር አስከፈለች። ዓረፍተ ነገሯ ይህች ናት፦ «በትውስት የሚቆዩበት ጊዜ በትምህርት ፈቃድ ውሉ ከተመለከተው የአገልግሎት ግዴታ ላይ ይታሰባል።» ዩኒቨርሲቲው ራሱ ፈቅዶ፣ አንዳንዴም ራሱ ጠይቆ ለሚልከው መምህር ይህን ለመጻፍ የሚያመነታበት በቂ ምክንያት አላይም።

በትውስት ውል ላይ ደግሞ የመመለስ ግዴታው የተለየ መልክ አለው። መላሹ ማን ነው? ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ጊዜው ሲያበቃ መምህሩን የመመለስ ግዴታ አለበት፤ መምህሩም የመመለስ ግዴታ አለበት። ማራዘሚያ ሲጠየቅ የሦስቱ ወገኖች ፊርማ ያስፈልጋል ወይስ የሁለቱ? በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ብቻ በተጻጻፈ ደብዳቤ የተራዘመ ትውስት መምህሩ በኋላ «ያለ ፈቃድ ቀርተሃል» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት ሳይኖረው ይቀራል። የደብዳቤው ግልባጭ እንዲደርሰው መጠየቅ መብቱ ነው።

ስለ ዋሱ ጥቂት ልበል። በእኛ ባህል «ዋስ ሁነኝ» የተባለ ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ በተለይ ከአንድ ቢሮ ለሚሠራ ባልደረባ። ለዋሶች የምላችሁ ቅጹን ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ቁጥር ነው። በአንቀጽ 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ የሚገደድበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት ዋጋ የለውም። «ለማናቸውም ወጪ ዋስ ሆኛለሁ» ብቻ የሚል ቅጽ በዚህ ረገድ ደካማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ቢያውቁ ለራሳቸው ጥቅም ቁጥሩን ይጽፉት ነበር። ሁለተኛው «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግ ነው። እርሱ ካለ ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ መምህሩን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል፤ መምህሩ በውጭ ሀገር ሲቀር የሚሆነውም ይኸው ነው። ማራዘሚያ ሲሰጥ ዋሱ በጽሑፍ ተጠይቆ ከሆነም ያ ወረቀት ከቅጹ ጋር ይያያዝ።

የዋስትናው ማብቂያም በወረቀታችሁ ላይ ይጻፍ። ግዴታ የተፈጸመ ዕለት ዋሱ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ማንም በራሱ ፈቃድ አይጽፍም፤ መጠየቅ አለበት። ግዴታ ያለበትም ሰው ዐሥር ዓመቱን በጨረሰበት ዕለት የግዴታ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይጠይቅ፤ ሥራውን የሚለቅበትን ቀን አይጠብቅ። የሰው ሀብት ክፍሉ ሠራተኞች ይለዋወጣሉ፤ ፋይሎችም ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ይዞራሉ። በአንቀጽ 1845 ከውል የሚነሣ ጥያቄ በዐሥር ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ዐሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ግን መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ ነው። ግዴታው በ2021 የሚያበቃ ሰው በ2017 ከለቀቀ ዩኒቨርሲቲው እስከ 2027 ድረስ ሊከሰው ይችላል ማለት ነው፤ ወረቀቱን ቢያንስ እስከዚያ ያኑር።

«ቅጹ የተዘጋጀ ነው፤ እኛ ምን እንለውጣለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። እውነት ነው፤ ቅጹን መለወጥ ሁልጊዜ አይቻልም። ማብራሪያ መጠየቅ ግን ይቻላል። «በአንቀጽ 6 መሠረት የማራዘሚያ ጊዜ ይቆጠራል ወይ? በከፊል ያገለገለ ምን ይከፍላል? የውጭ ምንዛሪ በየትኛው ቀን ተመን ይሰላል?» ብላችሁ ሦስት ጥያቄ በመዝገብ ቤት አስገቡ። መልስ ካገኛችሁ የውሉ ማስረዳት ነው። መልስ ካላገኛችሁም ጥያቄው፣ ቁጥርና ቀን ያለበት፣ ውሉ በተፈረመበት ጊዜ ሐረጉ አጠራጣሪ እንደነበር ያሳያል፤ አንቀጽ 1738ም የሚፈልገው ይህንኑ ጥርጣሬ ነው።

የያዛችሁትን ውል ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ስማችሁን ሸፍናችሁ አንቀጾቹን አብረን እናያለን። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።